ሽንኩርቱን መልሱልን

ወገኖች፣ ዛሬ ስለ አንድ ገጽ እንሟገት። ኅብረታችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል እንበል። ለሚቀጥለው ዙር ተማሪ ለመመዝገብ በራሪ ወረቀት ታትማላችሁ። ከፊት የመመዝገቢያው ቀንና ቦታ ይወጣል፤ ከጀርባ ደግሞ «ወላጆች ምን ይላሉ?» የሚል ርዕስ አለ። ከሥሩ አራት ሰዎች ይናገራሉ፤ አራቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ትልቅ ለውጥ መጥቷል፣ በጣም ተደስተናል፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ ሌሎችም ልጆቻቸውን ይላኩ።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ከአራቱ ጥቅሶች ሥር ያሉትን ስሞች አቀያይሯቸው። የመጀመሪያዋን እናት ስም ለሦስተኛው አባት፣ የእርሱን ለእርሷ ስጡ። አንባቢው ነቃባችሁ? ካልነቃ ያ ገጽ የአራት ሰው ምስክርነት የለበትም ማለት ነው። አንድ ሰው አራት ጊዜ ተናግሯል፤ ያም ሰው አርታኢው ነው።

ወረቀቱ እጇ የሚደርሰው እናት ይህን ሳይነግሯት ታውቀዋለች። የጥርስ ሳሙናም፣ የውሃ ማጣሪያም፣ «በሦስት ወር እንግሊዝኛ» የሚለውም ሁሉ እንዲሁ ሲናገርላት ኖሯል። ስለዚህ ዓይኗ ጀርባውን ዘሎ ስልክ ቁጥሩ ላይ ያርፋል። እናንተ ግን ቅዳሜ ጠዋት ተነሥታችሁ በእውነት አስተምራችኋል፤ ልጆቹም በእውነት ተምረዋል። እውነተኛው ነገር እንደ ውሸት የተነበበው በማን ጥፋት ነው?

«ሰዎቹ እኮ ጥሩ አድርገው አይናገሩም፣ ደፍነው ነው የሚመሰግኑት» የሚል መልስ ይመጣል። አልቀበለውም። ሰዎች ሲናገሩ ዝርዝር ያወራሉ፤ ያውም ከልክ በላይ። ዝርዝሩን እየለቀመ የሚጥለው አርታኢው ነው። ነገሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። የሚከተለው ንግግር ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያበጀሁት ነው፤ የማንም እናት ቃል አይደለም። ስለ አለመፈልሰፍ እየተሟገትሁ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት በስልክ መቅጃ ላይ እንዲህ ብለዋል እንበል፦

«እኔ ምን እላለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው ነው እንጂ። በጣም ጎበዞች ልጆች ናቸው። ልጄ እኮ በጣም ነው የተለወጠው። በፊት ሂሳብ ሲባል ሆዴን አመመኝ ነው የሚለው። ባለፈው ሽንኩርት ስልጥ መጣና በስንት ገዛሽው አለኝ። ሁለት ኪሎ ተኩል ነው፣ መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ ስለው፣ ቆይ ብሎ፣ ኪሎውን በስልሳ ነዋ አለኝ። ወረቀት እንኳ አልያዘም። ውጤቱም ያው ከፍ ብሏል መሰለኝ። ብቻ በጣም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ልጁን ይላክ ነው የምለው።»

አሁን ይህን ቅጂ ለተለመደው አርታኢያችን ስጡት። ሽንኩርቱ ለበራሪ ወረቀት አይመጥንም ይላል። ሆድ ሕመሙም ያሳፍረዋል። ብዕሩን አንሥቶ ይህን ያወጣል፦ «የኅብረቱ የማጠናከሪያ ትምህርት ለልጄ ትልቅ ለውጥ አምጥቶለታል። ውጤቱም ከፍ ብሏል። ሁሉም ወላጅ ልጁን እንዲልክ እመክራለሁ።» አማርኛው ጸድቷል፤ እናትየዋ ግን ከውስጡ ወጥተዋል። ልብ በሉ፣ ከንግግራቸው ውስጥ እርሳቸው ብቻ ሊሉት የሚችሉት ሁሉ ተጥሎ ማንም ሊለው የሚችለው ብቻ ቀርቷል።

እንዲያውም ከዚህ የባሰ ነገር አድርጓል። እናትየዋ ስለ ውጤቱ ሲናገሩ «መሰለኝ» ብለው ነበር። አርታኢው ይህችን አንዲት ቃል ሰርዞ ግምታቸውን ወደ ማረጋገጫ ለወጠው። አንድ ፊደል ሳይጨምር፣ በመሰረዝ ብቻ፣ ያልተባለ ነገር ፈጠረ። አማርኛችን እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቃላት አሉት፤ «መሰለኝ»፣ «አሉ»፣ «ብሎኛል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»። ንግግሩን ሲያሳጥሩ መጀመሪያ የሚወድቁት እነርሱ ናቸው፤ ተናጋሪው ያየውን ከሰማው፣ የሚያውቀውን ከሚገምተው የሚለዩትም እነርሱ ናቸው። «ያው» እና «ብቻ» ቢወጡ ማንም አይጎዳም። «መሰለኝ» ግን የሚወጣው ነገሩ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ካልተረጋገጠ ወይ ከነ «መሰለኝ» ይታተም ወይ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ይውጣ።

ሁለተኛው አርታኢ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቃል። ደፋፍኖ ማመስገን እንደማያሳምን ገብቶታል፤ ዝርዝር እንደሚያስፈልግም ያውቃል። ስለዚህ ከራሱ ይጨምራል። «የሂሳብ ውጤቱ ከ40 ወደ 85 ከፍ ብሏል» ብሎ ይጽፍና ስትጠይቁት «እናትየው እኮ ጨምሯል ብለዋል፣ ለጌታ ሥራ ነው፣ ማን ይጎዳል?» ይላችኋል።

የሚጎዳውንማ እነግረዋለሁ። በ1989 እ.ኤ.አ. ብራድ ቤል እና ኤሊዛቤት ሎፍተስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጥቃቅን ዝርዝሮች በፍርድ ሰሚዎች ላይ ያላቸውን ጉልበት የሚመለከት ጥናት አሳትመው ነበር። እንደ ዳኛ ሆነው የአንድ ወንጀል ጉዳይ እንዲመዝኑ ለተጠየቁ ሰዎች የምስክር ቃል ቀረበላቸው። አንዳንዶቹ ያነበቡት ቃል ተራ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ሰውየው ከሱቅ የገዛውን ዕቃ፣ በስም ይጠቅሳል፤ ሌሎቹ ያነበቡት በደፈናው ያልፈዋል። ዕቃው ከወንጀሉ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሆኖም ዝርዝሩ የሰዎቹን ፍርድ ወደ ምስክሩ አዘነበለ፤ ይህን ያስታወሰ ሰው ሌላውንም አስታውሷል ብለው ያሰቡ ይመስላል።

ይህ ማለት ዝርዝር የሚያሳምነው እውነት ሲሆን ብቻ አይደለም። ሐሰተኛ ዝርዝርም ያሳምናል። የእርሱን 85 የምታነብ እናት በሌላ በኩል የምትመረምርበት መንገድ የላትም፤ ቁጥሩን ታምንና ለአስጠኚ የምትከፍለውን አቋርጣ ልጇን ወደ እናንተ ትልካለች፣ በሰኔም 85 ትጠብቃለች። ልጁ 58 ይዞ ሲመጣ የምትቆጣው በበራሪ ወረቀቱ ላይ ይመስላችኋል? በልጁ ላይ ነው። ፊደል የማይጎዳ ለሚመስለው ወንድማችን መልሴ ይህ ነው።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያውስ ጥቅስ ጨርሶ አይነካ፣ እንደተቀዳ ይታተም» የሚሉ ጥንቁቆችም አሉ። እነርሱም አልገባቸውም። እንደተቀዳ የታተመ ንግግር ማንም አያነበውም፤ ተናጋሪውንም ያሳፍራል፤ አፍ ላይ የሚያምረው «ያው፣ እኮ፣ ብቻ» ወረቀት ላይ ሲወርድ ሰውን ተንተባታቢ ያስመስላልና። በማስታወቂያ ምስክርነት ላይ ጥብቅ የሆነው የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ እንኳ የምስክሩ ቃል በቀጥታ ይስፈር አይልም። ቃሉ የራሱ ነው ተብሎ እስካልቀረበ ድረስ በሌላ አነጋገር ሊቀመጥ ይችላል፤ ነገር ግን የሰውየውን አስተያየት ወይም የደረሰበትን ነገር በሚያዛባ መንገድ ሊለወጥ ወይም ከአገባቡ ሊነጠል አይችልም። ለእኛም ልኩ ይኸው ነው። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው የእናትየዋ ቃል ይሁን፤ የዘለላችሁት ካለ ሦስት ነጥብ ይመልከተው፤ የእናንተ ማብራሪያ ከምልክቱ ውጭ ይቁም። ቃላቸው በሌላ ቋንቋ ከሆነና እናንተ ከተረጎማችሁት፣ መተርጎማችሁን ጻፉ።

ታዲያ ሥራው እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ ብዕራችሁን ገልብጡት። እስከ ዛሬ ታሪኩን ቆርጣችሁ ምስጋናውን ታስቀሩ ነበር፤ አሁን ምስጋናውን ቆርጣችሁ ታሪኩን አስቀሩ። «እግዚአብሔር ይስጣቸው» የልብ ምርቃት ነው፤ አስተማሪዎቹ ዘንድ ሄዳችሁ በቃል አድርሱላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ለማታውቃቸው እናት ግን ምንም አይነግራትም። ከቅጂው ላይ «በጣም» የሚል ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ብትሰርዙ የሚቀራችሁ ሆድ ሕመሙ፣ ሽንኩርቱና «መሰለኝ» ነው። ዕቃችሁ ይኸው ነው።

ሽንኩርቱን እንመርምረው። ለምን ያሳምናል? አንደኛ፣ ማንም ለማስታወቂያ ብሎ አያስበውም። ሁለተኛና ዋናው ግን ራሱን ይመሰክራል፤ መቶ ሃምሳን ለሁለት ተኩል አካፍሉ፣ 60 ይመጣል። ልጁ በክፍልፋይ ማካፈል ችሏል። አንባቢዋ እናት ሽንኩርቷን እየላጠች ልታሰላው ትችላለች። እናንተም ከማተማችሁ በፊት አስሉት፤ ስሌቱ ባይገጥም ኖሮ ወይ እናትየዋ ዋጋውን ተሳስተዋል ወይ ልጁ ገና አልቻለም፤ ሁለቱም ስልክ ያስደውላሉ።

ስትቆርጡ አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁ፤ አማርኛ ውስጥ የሌላ ሰው ንግግር ተናጋሪው አፍ ውስጥ እንዳለ ይገባል። «ሂሳብ ሲባል ሆዴን አመመኝ ነው የሚለው» ከሚለው ላይ ለማሳጠር ብላችሁ «ነው የሚለው»ን ብትጥሉ ሆዳቸውን የሚያማቸው እናትየዋ ይሆናሉ። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን እንዲህ ታትሞ አይታችሁ እንደሆነ ገምቱ። ውስጠኛውን ንግግር በነጠላ የጥቅስ ምልክት ለዩት፣ «ነው የሚለው»ንም አትንኩ።

ቀጥሎ መደወል ነው። ዝርዝር የሚጨመርበት ብቸኛው ሕጋዊ በር ተናጋሪው አፍ ነውና፣ የጎደለውን ከእርሳቸው ጠይቁ። ነገር ግን አጠያየቃችሁ ራሱ ፈጠራ ሊሆን ይችላል። «እትዬ፣ ውጤቱ በጣም ጨምሯል አይደል?» ካላችኋቸው «አዎ» ይላሉ። ይሉኝታ አለ፤ ልጃቸውን በነጻ ያስተማረ ወጣት ደውሎ እየጠየቃቸው ነው፤ ሌላ ምን ይበሉ? ያ «አዎ» የእናንተ ዓረፍተ ነገር ነው፣ በእርሳቸው ስም ሊታተም አይገባም። ይልቅ እንዲህ በሏቸው፦ «ከፍ ብሏል መሰለኝ ብለውኝ ነበር፤ ካርዱ እጅዎ ላይ ይኖር ይሆን?» ካርዱን ያመጣሉ። በምሳሌያችን የአንደኛው ሴሚስተር ሂሳብ 51 ነው፤ የሁለተኛው 58።

እዚህ ላይ አስተባባሪው ፊቱ ይጠቁራል። ሰባት ነጥብ! ይህንንማ ባንጽፈው ይሻላል ይላል። እኔ ደግሞ ይጻፍ ባይ ነኝ። ሂሳብ ያስፈራው የነበረ ልጅ በአንድ ሴሚስተር ሰባት ነጥብ ሲጨምር የሚያውቅ ወላጅ ያውቀዋል፤ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ውጤት በምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ያውቃል። 85 የሚያስጠረጥረውን ያህል 58 ያሳምናል፤ ማንም ለመዋሸት ብሎ 58 አይጽፍማ!

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ የሚዘለለውም እርሱ ነው። «ከቅዳሜው ትምህርት ሌላ በዚህ ጊዜ የተለወጠ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናትየዋ፣ «አጎቱ ከፋሲካ ወዲህ እኛ ጋ ነው፣ ማታ ማታ ያስጠናዋል» ይላሉ እንበል። አሁን ምን ታደርጋላችሁ? እውነተኛ ቁጥር ይዛችኋል፣ አንድም ነገር አልፈለሰፋችሁም። ነገር ግን አጎቱን ዝም ብላችሁ 51ንና 58ን ብታትሙ አንባቢዋ ሰባቱንም ነጥብ ለእናንተ ትሰጣለች። በእውነተኛ ዝርዝር ማታለል ይሏል ይህ ነው፤ ከ85ቱ ፈጠራ ይልቅ ለመያዝ የሚከብደውም እርሱ ነው፤ ቢመረመር እንኳ እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ይገኛልና። ስለዚህ አጎቱም ይገባል። አንድ መስመር ነው የሚወስደው፤ ገጹንም የበለጠ የሚታመን ያደርገዋል እንጂ አያሳንሰውም።

ይህ ልክ ከየት እንደመጣ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ታውቁታላችሁ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ሲመረመር ጭቃውን፣ መቀባቱን፣ መታጠቡን በተራ ይናገራል፤ ጎረቤቶቹ ያዳነው ሰው የት እንዳለ ሲጠይቁት አላውቅም ይላል፤ ፈሪሳውያን ስለ ኢየሱስ ማንነት የራሳቸውን ድምዳሜ ሊያስይዙት ሲሞክሩም የማያውቀውን አላውቅም ብሎ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይይዛል። ምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ ልጁ የዳነለት የንጉሥ ሹም «ልጅህ ድኗል» የሚለው ወሬ አልበቃውም፤ በስንት ሰዓት እንደተሻለው አገልጋዮቹን ጠየቀ፣ እነርሱም ቀኑንና ሰዓቱን ነገሩት። ሰዓቱን የጠየቀው እምነት ስለጎደለው ነው የሚል አለ?

እግረ መንገዴን፣ ከማጠናከሪያ ትምህርት ወጥታችሁ የፈውስ ምስክርነት የምታርሙ ካላችሁ ይህ ሁሉ በእጥፍ ይመለከታችኋል። «ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፣ መድኃኒቱንም እየወሰድሁ ነው» የሚለውን ሐረግ ለማሳጠር የሰረዘ አርታኢ አንድ ታማሚ መድኃኒቱን እንዲተው ሊያደርግ ይችላል። እዚያ ገጽ ላይ መቀስ የያዘ ሰው የሚቆርጠውን ይወቅ።

ወደ እናትየዋ ልመልሳችሁ፤ አንድ ስልክ ይቀራል። ያረማችሁትን ከማተማችሁ በፊት አንብቡላቸው። «ጥሩ ነው?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ «ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ ተባረክ» ብለው ስልኩን ይዘጉታል። «ከዚህ ውስጥ ልክ ያልሆነው የቱ ነው?» በሏቸው። ያኔ ያስባሉ። «ወረቀት አልያዘም ብያለሁ፣ በጣቱ ግን ይቆጥር ነበር፣ እሱን ጨምሩት» ይሉ ይሆናል። ጨምሩት፤ የዚያው ቀን፣ የዚያው ሽንኩርት ወሬ ነው፣ የተናገሩትም ራሳቸው ናቸው። በሌላ ቀን ስለ ሌላ ነገር ያሉትን ግን እዚህ አትስፉት። የልጁ ስም ይውጣ አይውጣም በዚያው ጠይቁ። 58 ያገኘ ልጅ ቅዳሜ ክፍል ሲገባ ጓደኞቹ ወረቀቱን ይዘው እንዲጠብቁት አንፈልግም፤ ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ልጁም ይበልጥ ይታወቃልና፣ ስሙ ባይወጣም ይህን አስቡበት። እናትየዋ ውጤቱ ይውጣ፣ ስሙ ይቅር ካሉ፣ ገጹ ላይ የሚወጣው ይህ ነው፦

«በፊት ሂሳብ ሲባል ‹ሆዴን አመመኝ› ነው የሚለው። ባለፈው ሽንኩርት ስልጥ መጣና ‹በስንት ገዛሽው?› አለኝ። ሁለት ኪሎ ተኩል ነው፣ መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ ስለው፣ ‹ቆይ› ብሎ፣ ‹ኪሎውን በስልሳ ነዋ› አለኝ። ወረቀት እንኳ አልያዘም … በጣቱ ግን ይቆጥር ነበር።»
የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት

የልጁ የሂሳብ ውጤት በአንደኛው ሴሚስተር 51፣ በሁለተኛው 58 ነበር። እናቱ እንደነገሩን ከፋሲካ ወዲህ አጎቱም ማታ ማታ ያስጠናዋል።